የሰፈር ሊግ በጋራ ሰንጠረዥ፦ ደረጃ አይጻፍም፣ ይሰላል



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ነው። የሰፈራችን ልጆች ሊግ ውጤትና ደረጃ፣ ብዙ ሰው በስልኩና በኮምፒዩተር በሚከፍተው የጋራ ሰንጠረዥ ላይ እንዴት እንደሚያዝ ላሳያችሁ ነው። ኤክሴል ከፍቶ የማያውቅ ሰው እዚህ ካለ፣ ንግግሬ በተለይ ለእሱ ነው።

እዚህ አዋሽ አርባ፣ እንደ አዋሽ ሰባትና እንደ ሰመራ ሁሉ፣ ፀሐይ ሳትበርድ ልጆች ሜዳ አይገቡም። ጨዋታው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይጀመራል፣ ሲያልቅ ይመሻል፣ ሰውም ወደየቤቱ ይበተናል። ከዚያ በኋላ አንዱ የዳኛውን ወረቀት በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ውጤቱን ቴሌግራም ላይ ይጽፋል፣ ሦስተኛው በደብተሩ ደምሮ ደረጃ ያወጣል። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ በአንዱ ደብተር መሪ የሆነው ቡድን በሌላው ሁለተኛ ሆኖ ይገኛል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ሰዎቹ ስለሚዋሹ አይደለም። ውጤቱ አንድ ቦታ፣ ደረጃው ሌላ ቦታ ስለሚጻፍ ነው። አንድ ውጤት ሲታረም ደረጃው አብሮ አይታረምም።

ስለዚህ ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው ሐሳብ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ይጻፋል። ደረጃውን ማንም ሰው በእጁ አይጽፍም፤ ሰንጠረዡ ራሱ ከተጻፉት ጨዋታዎች ቆጥሮ ያወጣዋል።

የምንጠቀመው ጉግል ሺትስን ነው። ነጻ ነው፣ በአንድሮይድ ስልክም ይከፈታል። ስልኩ ላይ "Available offline" የሚለውን ካበራችሁለት፣ ኔትዎርክ በሌለበት ሜዳ ላይ የጻፋችሁትን ይዞ ቆይቶ ኔትዎርክ ሲመጣ ይልከዋል። ሥራውን ስትጀምሩ ግን አንድ ጊዜ ኮምፒዩተር ፈልጉ። አንዳንዱ ማስተካከያ በስልክ አይመችም። ደግሞም የኤክሴል ፋይል በቴሌግራም መላክና የጋራ ሰንጠረዥ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፋይል ስትልኩ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅጂ ይደርሰዋል፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በየቅጂው ላይ ይጽፋል። የጋራ የሚሆነው ሊንኩን ስትልኩ ነው፤ ሁሉም የሚያየው ያንኑ አንዱን ወረቀት ይሆናል።

አሁን በምሳሌ እንሥራ። አራት ቡድኖች አሉን እንበል። ለትምህርቱ ስንል ገበያ፣ ወንዝ ዳር፣ ሰፈረ ሰላም እና መንገድ ዳር እንበላቸው። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጊዜ ይጫወታል፤ ሦስት ዙር፣ በጠቅላላው ስድስት ጨዋታ ይሆናል።

በሰንጠረዡ ግርጌ ሦስት ገጾች ክፈቱ። የመጀመሪያውን "ጨዋታ"፣ ሁለተኛውን "ሂሳብ"፣ ሦስተኛውን "ደረጃ" በሉት። ሰው የሚጽፍበት የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ለሕዝብ ይታያል።

"ጨዋታ" ላይ በመጀመሪያው ረድፍ የዓምዶቹን ስም ጻፉ። A ዙር ነው። B የመጀመሪያው ቡድን፣ C እሱ ያገባው ጎል፣ D ሁለተኛው ቡድን ያገባው ጎል፣ E ሁለተኛው ቡድን። የስድስቱ ጨዋታ ውጤት እንዲህ ሆነ እንበል። በአንደኛው ዙር ገበያ ወንዝ ዳርን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሰፈረ ሰላምና መንገድ ዳር 1 ለ 1 ተለያዩ። በሁለተኛው ዙር ገበያ በሰፈረ ሰላም 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ወንዝ ዳር መንገድ ዳርን 4 ለ 0 ረታ። በሦስተኛው ዙር ገበያ መንገድ ዳርን 1 ለ 0፣ ወንዝ ዳር ሰፈረ ሰላምን 2 ለ 1 አሸነፉ።

ጎሎቹን ለምን በሁለት ሳጥን ለየናቸው? ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው በአንድ ሳጥን ውስጥ 2-1 ብሎ መጻፍ ነው። ሰንጠረዡ ይህን ሲያይ ውጤት አይመስለውም፤ የወሩና የቀኑ ቁጥር የተጻፈለት መስሎት የፈረንጅ ቀን ያደርገዋል። 1-1ንም እንዲሁ። 4-0 ሲሆን ግን ዜሮ የሚባል ቀን ስለሌለ እንደተጻፈ ይተወዋል። አንዱ ውጤት ተለውጦ ሌላው ሳይለወጥ ሲቀር ጀማሪው ግራ ይጋባል። አንድ ሳጥን አንድ ቁጥር ብቻ ከያዘ ይህ ችግር አይመጣም።

የቀን ነገር ከተነሳ፣ ሰንጠረዡ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 12ን 12/2 ብትሉት የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይይዘዋል። ጥቅምት 30ን 30/2 ብትሉት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በዙር ቁጥር ያዙ። ቀኑን መመዝገብ ከፈለጋችሁ በሌላ ዓምድ "ጥቅምት 30" ብላችሁ በቃል ጻፉት።

ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች እንጨምር። F የመጀመሪያው ቡድን ከጨዋታው ያገኘው ነጥብ፣ G ሁለተኛው ያገኘው ነጥብ ነው። እነዚህን ሰው አይጽፋቸውም። F2 ላይ የመጀመሪያውን፣ G2 ላይ ሁለተኛውን ፎርሙላ አስገቡ፦

```
=IF(COUNT(C2:D2)<2,"",IF(C2>D2,3,IF(C2=D2,1,0)))
=IF(COUNT(C2:D2)<2,"",IF(D2>C2,3,IF(C2=D2,1,0)))
```

የመጀመሪያውን በቃል እንዲህ አንብቡት፦ ሁለቱም ጎል በቁጥር ካልተጻፈ ባዶ ተው፤ የመጀመሪያው ቡድን ካሸነፈ 3፣ አቻ ከሆኑ 1፣ አለበለዚያ 0። ከዚያ ሁለቱን ሳጥኖች ይዛችሁ እስከ ሰባተኛው ረድፍ ወደ ታች ጎትቱ። ፎርሙላው በየረድፉ ቁጥሩን እየለወጠ ይወርዳል።

በዚህ ፎርሙላ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምታምኑበት "COUNT" የሚለው ክፍል ይሁን። እሱ ከሌለ፣ ገና ያልተጫወቱ ሁለት ቡድኖች ጎላቸው ባዶ ነው፤ ባዶና ባዶ ደግሞ ለሰንጠረዡ እኩል ነው። ስለዚህ አቻ ወጡ ብሎ ለሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ይህ በሰፈር ሊጎች ሰንጠረዥ ውስጥ ተደብቆ የሚቆይ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ቡድን እኩል ጨዋታ ሲቀረው ሁሉም እኩል የሐሰት ነጥብ ያገኛል፣ ተራውም ሳይዛባ ይቆያል። የሚዛባው አንድ ጨዋታ ሲዘዋወር ነው። በነፋስ ወይም በሐዘን ምክንያት የገበያና የመንገድ ዳር ጨዋታ ለሌላ ሳምንት ቢተላለፍ፣ ሁለቱ ቡድኖች ሳይጫወቱ ነጥብ ይዘው ይታያሉ። ይህን በቀላሉ ለማወቅ፣ የተጫወቱትን ብዛት ተመልከቱ፤ ያልተጫወተ ቡድን እንደተጫወተ ተቆጥሮ ካገኛችሁ ችግሩ ይህ ነው።

ወደ "ሂሳብ" ገጽ እንሂድ። ከA2 እስከ A5 የአራቱን ቡድኖች ስም ጻፉ። B የተጫወተው፣ C ያሸነፈው፣ D አቻ፣ E የተሸነፈው፣ F ያገባው፣ G የገባበት፣ H የጎል ክፍያ፣ I ነጥብ ነው። በሁለተኛው ረድፍ እነዚህን በየዓምዳቸው አስገቡ፤ ከላይ ወደ ታች C2፣ F2፣ G2 እና I2 ናቸው፦

```
=COUNTIFS('ጨዋታ'!B:B,A2,'ጨዋታ'!F:F,3)+COUNTIFS('ጨዋታ'!E:E,A2,'ጨዋታ'!G:G,3)
=SUMIF('ጨዋታ'!B:B,A2,'ጨዋታ'!C:C)+SUMIF('ጨዋታ'!E:E,A2,'ጨዋታ'!D:D)
=SUMIF('ጨዋታ'!B:B,A2,'ጨዋታ'!D:D)+SUMIF('ጨዋታ'!E:E,A2,'ጨዋታ'!C:C)
=SUMIF('ጨዋታ'!B:B,A2,'ጨዋታ'!F:F)+SUMIF('ጨዋታ'!E:E,A2,'ጨዋታ'!G:G)
```

ርዝመታቸው አያስፈራችሁ፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ቡድኑ በመጀመሪያው ስም ቦታ የተጻፈበትን ፈልግ፣ በሁለተኛው ስም ቦታ የተጻፈበትንም ፈልግ፣ ሁለቱን ደምር። D2 እና E2 ላይ የC2ን ፎርሙላ፣ ሳጥኑን ሳይሆን ጽሑፉን ገልብጣችሁ አስገቡ፤ በሁለቱም "COUNTIFS" መጨረሻ ያለውን 3 ለአቻ ወደ 1፣ ለሽንፈት ወደ 0 ለውጡ። B2 ላይ `=C2+D2+E2`፣ H2 ላይ `=F2-G2` ይበቃል። ሁሉንም እስከ አምስተኛው ረድፍ ጎትቱ።

በመጨረሻ "ደረጃ" ላይ A1 ውስጥ ይህችን አንዷን አስገቡ፦

```
=SORT('ሂሳብ'!A2:I5,9,FALSE,8,FALSE,6,FALSE)
```

9 ነጥብ ያለበት ዘጠነኛው ዓምድ ነው፣ 8 የጎል ክፍያ፣ 6 ያገባው ጎል። "FALSE" ከትልቁ ጀምር ማለት ነው። አዲስ ውጤት በተጻፈ ቁጥር ተራው በራሱ ይለወጣል። "ሂሳብ" ገጽ ላይ ግን ቡድኖቹን በደረጃ ለማስቀመጥ ብላችሁ ረድፎችን አታንቀሳቅሱ፤ ተራ የማስያዙ ሥራ የዚህች ፎርሙላ ብቻ ይሁን።

ምን ወጣ? ወንዝ ዳር 6 ነጥብና 4 የጎል ክፍያ፣ ገበያ 6 ነጥብና 1 የጎል ክፍያ፣ ሰፈረ ሰላም 4 ነጥብና ዜሮ፣ መንገድ ዳር 1 ነጥብና 5 የጎል ዕዳ።

ይህ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ማንም ሰው በእጁ የሚሠራቸው ሁለት ማረጋገጫዎች አሉ። የሁሉም ቡድኖች የጎል ክፍያ ሲደመር ዜሮ መሆን አለበት፤ አንዱ ያገባው ጎል ሌላው ላይ የገባ ነውና። 4 እና 1 ሲደመሩ 5፣ ከመንገድ ዳር ዕዳ ጋር ዜሮ ይሆናል። ሁለተኛው የነጥብ ድምር ነው። አሸናፊ የተገኘበት ጨዋታ 3 ነጥብ፣ አቻ ያለቀ ጨዋታ 2 ነጥብ ያከፋፍላል። አምስት ጨዋታ አሸናፊ ነበረው፣ አንዱ አቻ ነበር፤ 15 እና 2፣ 17። የቡድኖቹ ነጥብ 6፣ 6፣ 4 እና 1 ሲደመር 17 ነው። ከእነዚህ አንዱ ካልገጠመ ደረጃውን አታውጡ፤ አንድ ጨዋታ ተበላሽቷል።

ሳይገጥም ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በቡድን ስም ላይ ነው። በእኛ ፊደል ይህ የባሰ ነው። ለእኛ ሰፈረ ሰላምና ሠፈረ ሰላም አንድ ናቸው፤ ለሰንጠረዡ ግን ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው። አፋርና ዓፋርም እንዲሁ። "ወንዝ ዳር" እና "ወንዝዳር"፣ ከኋላ ሳይታወቅ ክፍት ቦታ የተጨመረበት ስምም እንዲሁ። በክልላችን ደግሞ አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንዱ ጸሐፊ የቡድኑን ስም በላቲን፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል ሊያስገባው ይችላል። ሰንጠረዡ ምንም ስሕተት አለ አይላችሁም፤ ዝም ብሎ ያንን ጨዋታ ስሙ ለተዛባው ቡድን አይቆጥርለትም። የወንዝ ዳርን ስም በአንድ ጨዋታ ላይ አዛብታችሁ ብትጽፉ፣ ተጋጣሚው ነጥቡን ያገኛል፣ ወንዝ ዳር ግን ያልተጫወተ ይመስላል።

መፍትሔው ስም በጣት እንዳይጻፍ ማድረግ ነው። በ"ጨዋታ" ገጽ የB እና የE ዓምዶችን ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ምረጡ። "Data" ውስጥ "Data validation" ክፈቱ፣ "Dropdown (from a range)" የሚለውን መርጣችሁ `'ሂሳብ'!$A$2:$A$5` ስጡት፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም እንዳይቀበል "Reject the input" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው ስሙን ከዝርዝር ይነካል እንጂ አይጽፍም። ስሙ በየትኛውም ፊደል ይሁን፣ የቡድኑ ልጆች የሚጠሩበት ይሁን፤ ዋናው አንድ ጊዜ ብቻ መጻፉ ነው።

አሁን ማን ይጻፍ የሚለው ይመጣል። "Share" ስትነኩ "Anyone with the link" የሚል ታያላችሁ። ይህን ለሕዝብ ስትከፍቱ መብቱ "Viewer" ይሁን፤ ሁሉም ያያል፣ ማንም አይነካም። "Editor" የሚባለውን መብት ለሁለት ሰዎች ብቻ፣ በኢሜይል አድራሻቸው ስጡ። አንዱ ከዳኛው ወረቀት ይጽፋል፣ ሌላው በዚያው ምሽት ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ ከተለያዩ ሰፈሮች ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ ውጤቱን ሁለት ወገን አየው ማለት ነው። "ሂሳብ" እና "ደረጃ" የተባሉትን ገጾች ደግሞ "Protect sheets and ranges" በሚለው ቆልፏቸው፤ በስልክ ላይ ጣት ስቶ የሚጠፋ ፎርሙላ ብዙ ነውና።

ውጤት ተለወጠ የሚል ክርክር ቢነሳ "File" ውስጥ "Version history" አለ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ያሳያል፤ ወደ ቀድሞው መመለስም ይቻላል። ሆኖም ስም የሚያሳየው ጸሐፊው በራሱ አድራሻ ገብቶ ከጻፈ ነው። ሊንኩን ለማንም "Editor" አድርጋችሁ ከከፈታችሁ፣ ታሪኩ የለወጠውን ሰው ስም ላያሳያችሁ ይችላል። በዳኛው የተፈረመውን ወረቀት ደግሞ ውድድሩ እስኪያልቅ አትጣሉት። ሰንጠረዡ የተጻፈለትን ይቆጥራል እንጂ ሜዳ ላይ የሆነውን አላየም።

ቡድን ሳይመጣ ቀርቶ በፎርፌ ከተሸነፈ፣ ደንባችሁ የሚለውን፣ ብዙ ጊዜ 3 ለ 0 የሚሆነውን፣ ጎሉ ላይ ጻፉና በጎኑ ባለ ዓምድ "ፎርፌ" በሉ። ከዓመት በኋላ የሚያይ ሰው በሜዳ የተገባ ጎል እንዳይመስለው።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ይህ የልጆች ውድድር ነው። የተጫዋቾች የትውልድ ቀን፣ የወላጅ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ፎቶ ማንም በሊንክ በሚከፍተው ሰንጠረዥ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ገጹን መደበቅም በቂ መከላከያ አይደለም። ምዝገባው ለብቻው ሌላ ፋይል ውስጥ፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ፤ ከባዱ ጥያቄ እዚያ ቀርቷል። ወንዝ ዳርና ገበያ እኩል 6 ነጥብ አላቸው። ሰንጠረዣችን በጎል ክፍያ ወንዝ ዳርን አንደኛ አደረገው። ግን እርስ በርስ ሲገናኙ 2 ለ 1 ያሸነፈው ገበያ ነው። ዋንጫው የማን ነው?

በዓለም ላይ ሁለቱም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የዓለም ዋንጫ በምድብ እኩል ነጥብ ያላቸው ቡድኖች መጀመሪያ በጎል ክፍያ ይለዩ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ ግን መጀመሪያ እርስ በርስ ያደረጉትን ጨዋታ ይመለከታል። በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እኩል ነጥብ ይዘው ጨርሰው ዋንጫው በጎል ክፍያ ወደ ጅማ ሄዷል። እንግዲህ የአገሪቱ ትልቁ ዋንጫ በጎል ክፍያ ከተወሰነ፣ በጥቂት ጨዋታ በሚያልቅ የሰፈር ሊግ በነጥብ እኩል መሆን አይቀርም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ለልጆች ሊግ እርስ በርስ ግንኙነቱ መቅደም አለበት እላለሁ። የጎል ክፍያ የሚያስቀድም ሊግ ውስጥ፣ ጠንካራ ቡድን ደካማውን 9 ለ 0 እና 10 ለ 0 ለመምታት ይገፋፋል። የ13 ዓመት ልጅ እንዲህ ተሸንፎ በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ መምጣቱ ያጠራጥራል።

ይህን ከመረጣችሁ ፎርሙላው ትንሽ ይለወጣል። "ሂሳብ" ላይ J የሚባል ዓምድ ጨምሩና "ቅድሚያ" በሉት፤ ለሁሉም 0 ጻፉ። እኩል ነጥብ ሲገጥም ብቻ የሊጉ ኮሚቴ ተመልክቶ፣ በእርስ በርስ ጨዋታ ለበለጠው 1 ይጻፍ። በእኛ ምሳሌ ገበያ 1 ያገኛል። ገጹ ከተቆለፈ ይህ ዓምድ ለኮሚቴው ብቻ ክፍት ይሁን። በ"ደረጃ" ያለችው ፎርሙላ እንዲህ ትሆናለች፦

```
=SORT('ሂሳብ'!A2:J5,9,FALSE,10,FALSE,8,FALSE,6,FALSE)
```

ነጥብ ይቀድማል፣ ቀጥሎ ቅድሚያ፣ ከዚያ የጎል ክፍያ። አሁን ገበያ ላይ ይወጣል። "ሂሳብ" ላይ በእጅ የሚገባ ብቸኛው ቁጥር ይህ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በሚቀጥለው ዙር ነጥባቸው ከተለያየ ወደ 0 ይመለስ። ሦስት ቡድኖች እኩል ከሆኑ ደግሞ የሦስቱን የእርስ በርስ ጨዋታዎች ብቻ ለይታችሁ ነጥብ ቁጠሩና ከፍተኛ ላገኘው 2፣ ለቀጣዩ 1 ስጡ።

ቡድኖቹ ስምንት ከሆኑ ጨዋታው 28 ይሆናል፤ በፎርሙላዎቹ ውስጥ 5 የነበረው 9 ይሁን፣ የ"ሂሳብ" ፎርሙላዎች እስከ ዘጠነኛው ረድፍ፣ የ"ጨዋታ" F እና G ዓምዶችም እስከ 29ኛው ረድፍ ይጎተቱ። ሌላው እንዳለ ይቀጥላል።

ለቡድን መሪዎች የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት፣ ማንም ማን እንደሚያሸንፍ ሳያውቅ፣ ተሰብሰቡና እኩል ነጥብ ሲመጣ ምን እንደሚቀድም ወስኑ። ውሳኔውን በወረቀት ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙበት፤ ቃሉንም ሁሉም እንዲያየው በ"ደረጃ" ገጽ ላይ፣ ከሰንጠረዡ በስተቀኝ ባለው ባዶ ቦታ አስገቡት። ዋንጫ ከተበላ በኋላ የሚወጣ ደንብ ተቀባይ የለውም።